አሥራ ስምንት ሺህ ለጋሼ

ስልኬ ውስጥ አራት ጋሼ አሉ። የማንኛቸውም ስም አልተጻፈም፤ ጋሼ ብቻ ነው የሚለው። ልጄ ምርቃት ስልኩን የገዛችልኝ ጊዜ ቁጥሮቹን ከወረቀት ላይ እየገለበጠች፣ «ማሚ፣ ዊች ጋሼ? ስም ያስፈልገዋል እኮ» አለችኝ። «በአፌ ስማቸውን ጠርቼ የማላውቃቸውን ሰዎች አሁን በስልክ ልጀምራቸው?» አልኳት። ናይሮቢ ተወልዶ ያደገ ልጅ ይህ አይገባውም። «ኦኬ፣ ዩር ፕሮብለም» ብላ ሁሉንም ጋሼ እያለች መዘገበችልኝ።

ፕሮብለም አልነበረም። በተራ አውቃቸዋለሁ። ያኔ ሦስት ነበሩ፤ አንደኛው ጋሼ አየለ፣ ሁለተኛው የዕድራችን ሊቀ መንበር ጋሼ ዓለምሰገድ፣ ሦስተኛው ሥጋ የሚያቀርቡልኝ ሰውዬ። ከጋሼ አየለ ጋር ከተኳረፍን ሦስት ዓመት ሆኖናል። ቁጥራቸውን ለምን አላጠፋሽም የሚለኝ ካለ፣ በሕይወት ያለ ሰው ከስልክ ላይ ማጥፋት ሟርት ይመስለኛል። ጋሼ ማለቱንስ ለምን አልተውሽም ከተባልኩ ደግሞ፣ ጠብ ሌላ፣ ዕድሜ ሌላ። በአሥራ ሰባት ዓመት ይበልጡኛል።

ነገሩ የተበላሸው አራተኛው ሲጨመሩ ነው። መጋቢት 2001 ዓ.ም. ነው፣ ዐቢይ ጾም። ከሞያሌ ምስር የሚልኩልኝ አዲስ ነጋዴ ቁጥራቸውን ሰጡኝና ራሴው ቁጭ ብዬ መዘገብኩ፤ ያው ጋሼ ብዬ። ስልኩ አዲሱን ሰውዬ ከሁሉም በላይ አስቀመጣቸው። ሌሎቹ አንድ አንድ ደረጃ ወረዱ። እኔ ይህን መቼ አውቄ።

አሁን ወደ ራሔል ልምጣ። ራሔል ሳውዝ ሲ ሰፈር ባለችው ምግብ ቤቴ ውስጥ አስተናጋጅ ናት። ዘመድ የላትም፤ የልጇ አባት ጁባ መኪና ይጠግናል፣ ሲያገኝ ይልካል፣ ሲያጣ ይደውላል። ሰኞ ምጥ ያዛት፣ በቀዶ ሕክምና ሴት ልጅ ወለደች። ሁለቱም ደህና ናቸው። ሆስፒታሉ ግን ሂሳቡ ሳይዘጋ አያስወጣም፤ እዚህ አገር እንደዚህ ነው፣ እናትና ልጅ መያዣ ይሆናሉ። በር ላይ ዘበኛ አለ፣ የመውጫ ወረቀት ያላሳየ አያልፍም። በየቀኑ ደግሞ የአልጋ ይጨምራሉ። ልትወጣ የተፈቀደላት ረቡዕ ነው፣ እስከ ሐሙስ እዚያው ተቀምጣለች፣ ከጎኗ ደግሞ ወልዳ ሦስት ሳምንት የሞላት፣ ሂሳብ ያጣች ልጅ ተኝታለች። ራሔል ይህችን ልጅ እያየች ነው የምታለቅሰው። ስትደውልልኝ «እትዬ፣ እኔንም እንደዚህ ሊያስቀሩኝ ነው» ነው የምትለው።

ከዕድሩም፣ ከደንበኛውም፣ ከኔም ተለቃቅሞ አብዛኛው ተከፈለ። የቀረው አሥራ ስምንት ሺህ ሽልንግ ነበር። ሐሙስ ጠዋት እሱን አገኘሁ፤ ግማሹን ከመሳቢያዬ፣ ግማሹን የወሩን የቲማቲም ሂሳብ አዘግይቼ። ወስጄ አብዱልፈታ ሱቅ ኤምፔሳዬ ላይ፣ በስልክ ገንዘብ የምልክበት ሂሳቤ ላይ፣ አስገባሁት። አብዱልፈታ የሞያሌ ልጅ ነው፣ ከምግብ ቤቴ ማዶ የኤምፔሳ ወኪል ነው፣ አማርኛውም ከኔ ልጅ ይሻላል። ጋሼ ዓለምሰገድ ሆስፒታሉ ገንዘብ ቤት በር ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። እሳቸው የሄዱበት ሂሳብ ሁልጊዜ ትንሽ ይቀንሳል፤ ፀጉራቸው ነጭ ነው፣ ሱፍ ይለብሳሉ፣ ስዋሂሊያቸውም የመጽሐፍ ነው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደወሉ። ካርድ አልቆባቸው ከሆስፒታሉ የሳንቲም ስልክ ነው የደወሉት።

«ጥሩወርቅ፣ ገንዘብ ቤቱ ዐሥር ሰዓት ይዘጋል። ነገ ደግሞ ሌላ አልጋ ይቆጥራሉ። አሁኑኑ በስልኬ ላኪው፣ እዚህ በር ላይ ወኪል አለ፣ አውጥቼ እከፍላለሁ» አሉ። ሳንቲሙ አለቀና ተቋረጠ።

ምሳ ሰዓት ነው። ራሔል የለችም፣ እኔ ነኝ የማስተናግደው። በአንድ እጄ ሽሮ ይዣለሁ። ስልኬን ከፈትኩ፣ ሁለተኛው ጋሼ ላይ ቆምኩ፣ ቁጥሩን በትእዛዝ መቀበያ ወረቀት ላይ ገለበጥኩ። ከዚያ ገንዘብ መላኪያው ውስጥ ገባሁ። ቁጥር አለኝ፣ ቁጥር ሰጠሁት። ስንት አለኝ፣ አሥራ ስምንት ሺህ አልኩት። የሚስጥር ቁጥሬን ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። በመጨረሻም ይህን ያህል ብር ወደዚህ ቁጥር ልላክ ወይ ብሎ ጠየቀ። ማሽን ሆኖ እንኳ እርግጠኛ ነሽ ወይ ይላል። ላክ አልኩት።

ሽሮውን አደረስኩ፣ ተመልሼ መልእክቱን አነበብኩ። የሚያነሳው መጀመሪያ በቁጥርና በፊደል የተደባለቀውን የደረሰኝ ኮድ ነው፣ ቀጥሎ ተረጋግጧል ይላል፣ ቀጥሎ የተላከለትን ሰው ስም በትልልቁ ይጽፋል። ሰው ስሙን የሚያየው ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ነው። የተጻፈው አየለ ወርቅነህ ነበር።

ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ደንበኛ ሚጥሚጣ ጠየቀኝ፣ ተነሥቼ ሰጠሁት፣ እንደገና ተቀመጥኩ።

ጋሼ አየለ የባለቤቴ የይድነቃቸው የልብ ወዳጅ ነበሩ። ሁለቱ አብረው ይነግዱ ነበር። ይድነቃቸው በድንገት ሲሞት ከቤታችን ስልሳ ሺህ ሽልንግ ጠፋ። ባንክ የለም፣ ቤት የለም፣ መዝገብ ላይ የለም። እኔ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው ብዬ ደመደምኩ። በአርባው ቀን ተዝካር ላይ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ ሰው ሁሉ በልቶ ሊመርቅ ሲል ተነሣሁና «የባሌን ስልሳ ሺህ የበላው ሰው እዚህ ተቀምጦ ንፍሮዬን ይበላል» አልኩ። ስም አልጠራሁም። ዓይኔ ግን የት እንደነበር ሁለት መቶ ሰው አይቷል። ሽማግሌ መጣ፣ መለስኩ። ሁለተኛ መጣ፣ መለስኩ። ሦስተኛ መጥተው፣ «ቃልሽን አንሺ፣ ለስሙ ደግሞ ካሳ ብለሽ የሆነች ነገር ስጪው፣ አንድ በግም ትሁን» አሉኝ። እነዚህንም መለስኳቸው።

እንግዲህ የራሔል መውጫ ገንዘብ የሄደው ለእኚህ ሰው ነው። መደወል ነበረብኝ። አልደወልኩም። ለአብዱልፈታ መልእክት ጻፍኩ። አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ስለምጽፍ ጊዜ ይወስድብኛል። እንዲህ ይላል፦

«አብዱልፈታ ጥሩወርቅ ነኝ። አሁን አሥራ ስምንት ሺህ ልኬ ተሳሳተ። ለሌላ ሰው ሄደ። ቁጥሩን በሚቀጥለው መልእክት እልክልሃለሁ። ገንዘቡን ከሰውዬው አውጥተህ ወደ እኔ መልስ። ለሰውዬው አትደውል። ሰውዬው እንዲያውቅም አልፈልግም። ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ። ጠዋት ያስገባሁልህ አንተ ጋ ስለሆነ ይህ ያንተ ሥራ ነው።»

ማዶ ነው ያለው፤ በመስኮት አየዋለሁ። ስልኩን አንሥቶ ሲያነብ፣ ወደ ምግብ ቤቴ ቀና ሲል፣ እንደገና ሲያነብ አየሁት። መለሰልኝ፦

«እትዬ ጥሩወርቅ እኔ ከሰው አካውንት ማውጣት አልችልም። ወኪል ማስገባትና ማውጣት ብቻ ነው። ካምፓኒው ብቻ ነው የሚመልሰው። አሁኑኑ 234 ደውይ። ሰውዬው ካወጣው እነሱም አይችሉም። መልእክቱን እንዳታጠፊ። ኮዱን ይጠይቁሻል።»

ይህ አልተዋጠልኝም። ጠዋት ገንዘቡን ቆጥሮ ሲቀበለኝ፣ መዝገቡ ላይ ሲያስፈርመኝ አይቻለሁ። ብሩ እዚያ መሳቢያ ውስጥ አለ። ሱቁ ድረስ ሄድኩ።

«ብሬ እዚህ ነው ያለው» አልኩት።

«ብሩ ጠዋት እዚህ ገባ፤ ቁጥሩ ግን ሰውዬው ጋ ነው» አለ። «ጠዋት ብርሽን ሰጥተሽኝ እኔ ስልክሽ ላይ ቁጥር ሰጠሁሽ። አንቺ ደግሞ ያንን ቁጥር ለሰው ሰጠሽ። ይህን ብር አሁን ብሰጥሽ የራሴን መስጠቴ ነው።»

«ታዲያ ስጠኛ።»

«ወላሂ ቢኖረኝ እሰጥሽ ነበር። ዛሬ ሰው ሁሉ እያወጣ ነው፤ መሳቢያዬ ውስጥ አራት ሺህ አልቀረም። ደግሞ እኮ ለሰውዬው መደወል ነው ቀላሉ። አብዛኛው ሰው ይመልሳል። ማን ነው?»

«አትጠይቀኝ ብዬሃለሁ።»

«አትደውል ነው ያልሽኝ።»

ስልኬን ከእጄ ወስዶ መልእክቱን አነበበ። ጋሼ አየለን ያውቃቸዋል፣ ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። ከንፈሩን ነከሰና 234 ደውሎ ሰጠኝ። 

አንዲት ልጅ አነሣች። በእንግሊዝኛ ጀመረች፣ እኔ በስዋሂሊ ቀጠልኩ፣ እሷም ተከተለችኝ። ስሜን ጠየቀች፣ ስመዘገብ ያሳየሁትን የፓስፖርት ቁጥር ጠየቀች፣ የደረሰኙን ኮድ ጠየቀች። ለማን ልልክ እንደነበርና ለማን እንደሄደ ጠየቀች።

«ገንዘቡ አሁንም ሰውዬው አካውንት ውስጥ ነው ማማ፣ አልወጣም» አለች። «እንዳይወጣ ለጊዜው አግደዋለሁ። ለሰውዬው እንደውላለን። በስህተት የተላከ ነው ብለን እንጠይቃለን፤ ከተስማሙ እንመልስልሻለን።»

«ካልተስማሙስ?»

«እኛ ያለ ፈቃዳቸው መውሰድ አንችልም። ያኔ ፖሊስ ወይም ፍርድ ቤት ነው።»

«ሳትነግሪያቸው አይሆንም?»

«አይሆንም ማማ። ያንቺንም ገንዘብ ሳንነግርሽ አንወስድም።»

 ምን እንደምትላቸው ጠየቅኋት። «ሴትየዋ ለእርስዎ አልነበረም የላኩት ይላሉ፣ ነው የምላቸው» አለችኝ። እሺ አልኩ። አብዱልፈታን ሳላመሰግነው ወጣሁ።

ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ እስኪያልፍ መንገዱ ዳር ቆሜ ሳለ ስልኬ ጮኸ። መልእክት ነው፣ ከጋሼ። ካምፓኒው ገና አልደወለላቸውም ነበር። እንዲህ ይላል፦

«ጥሩዬ ደረሰኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብሩ አይደለም ያስለቀሰኝ። ካሳውን በራስሽ ጊዜ ላክሽው። ማንም ሳይለምንሽ። ሱቅ ውስጥ ላሉት ሁሉ አሳየሁ። ሽማግሌዎቹንም ጠራኋቸው። ከልቤ ይቅር ብያለሁ። ይድነቃቸውን ነፍሱን ይማረው። ገንዘቡን አልነካውም፤ እሑድ ለሰው አሳየዋለሁ።»

ሦስት መልእክት ሆኖ ነው የደረሰኝ። በፈረንጅ ፊደል ይህን ሁሉ ለመጻፍ ስንት ጊዜ እንደፈጀባቸው እኔ አውቃለሁ።

አሁን የማልናገረውን ልናገር። ይድነቃቸው ከሞተ በዘጠነኛው ወር ሱፉን ለድሃ ልሰጥ ስፈትሽ በውስጥ ኪሱ የባንክ ወረቀት አገኘሁ። ስልሳ ሺውን ደሴ ላለችው እህቱ ልኮታል፤ ቀኑም፣ መጠኑም፣ የእጁ ፊርማም አለ። ሳይነግረኝ ነው የላከው፣ እጣላዋለሁ ብሎ ይሆናል፤ እጣላው ነበር። ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። የመለስኳቸው እያወቅሁ ነው። ሁለት መቶ ሰው ፊት የተናገርኩትን መብላት አቃተኝ። አፈርኩ፣ ሌላ ምንም አይደለም። ነገ እላለሁ አልኩ፤ ነገ ሲያድር እየከበደ ሄደ። እንዲህ እንዲህ ሲል ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሞላኝ።

አሁን ደግሞ ሰውዬው እዚያ ሱቃቸው ውስጥ እያለቀሱ ለሰው መልእክት ያሳያሉ። አንዲት የካምፓኒ ልጅ ደውላ ለእርስዎ አልነበረም ልትላቸው ነው።

234 መልሼ ደውዬ ተዉት ልል አሰብኩ። ብዬው ቢሆን ማንም አያውቅም ነበር። ይቅርታው በነፃ ይመጣልኛል፤ ነፃ እንኳ አይደለም፣ በአሥራ ስምንት ሺህ። ራሔልስ? ዘበኛው በር ላይ ነው። እሷ ሦስት ሳምንት ከተኛችው ጎን ተኝታ ጡት ታጠባለች። ሌላ አሥራ ስምንት ሺህ ደግሞ የለኝም፤ ያልተለመነ ሰው ሳውዝ ሲ ውስጥ አልቀረም።

ከካምፓኒው በፊት ራሴ ልንገራቸው ብዬ ደወልኩላቸው። መስመራቸው ተይዟል። ቆይቼ ደወልኩ፣ ተይዟል። ከማን ጋር እያወሩ እንደሆነ ገባኝ።

ምግብ ቤት ገብቼ ሳህን አነሣሁ። ሁለት ደንበኛ ከፍሎ ወጣ፣ መልስ አሳስቼ ሰጠኋቸው፣ መለሱልኝ። ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ የካምፓኒዋ ልጅ ደወለች።

«ማማ፣ ሰውዬው ተስማምተዋል። አሁን እንመልሰዋለን፣ መልእክት ይደርስሻል።»

«ምን አሉ?»

«ነግሬያቸው ስጨርስ የጠፉ መስሎኝ ሄሎ፣ ሄሎ አልኩ። ከዚያ፣ የሷ ከሆነ መልሱላት አሉ።»

«ሌላስ?»

«አስቸግሬያት ከሆነ ፖሌ በይልኝ ብለዋል።»

ፖሌ ይቅርታ ማለት ነው፤ እሳቸው ናቸው ፖሌ ያሉት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ሽንኩርት እየተከተፈ ስለነበር ማንም አልጠየቀኝም።

ገንዘቡ ተመለሰ። መልእክቱ ቀሪ ሂሳቤን ነገረኝ፣ አሥራ ስምንት ሺውም እዚያው ገብቷል። በዚህ ጊዜ ብቻዬን አልነካሁትም። አብዱልፈታን ጠራሁት፣ ሱቁን ቆልፎ መጣ። የጋሼ ዓለምሰገድን ቁጥር ከዕድሩ መዝገብ ላይ አነበብኩለት፣ እሱ ስልኩ ላይ ያለውን መልሶ አነበበልኝ፤ ሁለት ጊዜ። ላክን። ዓለምሰገድ የሚል ስም ሲመጣ ሁለታችንም ቁጭ አልን። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ነበረው።

«እትዬ፣ ቁጥሮቹን በስም ላስተካክልልሽ?» አለኝ አብዱልፈታ።

«አስተካክል» አልኩት። ሁለተኛው ጋሼ ላይ አየለ ብሎ ሊጽፍ ሲል፣ «ጋሼ አየለ በል» አልኩት።

ሽርጤን አውልቄ ማታቱ ያዝኩ። የባንኩን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ጨምሬያለሁ። መንገድ ላይ የምለውን አዘጋጀሁ። ጋሼ፣ ሰይጣን ነው አልኩ፤ ጥሩ አይደለም። ጋሼ፣ ሐዘን አሳብዶኝ ነው አልኩ፤ ለመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ወራት ይሆናል፣ ለቀሪው አይሆንም። እንዲህ እያልኩ ደረስኩ፣ የተዘጋጀ ነገር አልነበረኝም።

ሱቁ ውስጥ አራት ሰዎች አሉ። ሁለቱ ያኔ የመለስኳቸው ሽማግሌዎች ናቸው፤ ለእርቁ ተጠርተው መጥተው እርቁ ከጠፋባቸው በኋላ ሻያቸውን አልጨረሱም። ጋሼ አየለ ባንኮኒው ኋላ ተቀምጠው ፍሬን ሸራ በወረቀት ይጠቀልላሉ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ገንዘቡ አልደረሰሽም?» አሉኝ። «እኔ ተስማምቻለሁ፣ ነግሬያታለሁ።»

«ደርሶኛል።»

«ታዲያ ምን ጎደለ?»

ወረቀቱን አወጣሁና ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። «ጋሼ፣ ገንዘቡ በስህተት ነው የመጣው። ለራሔል ነበር፣ ሆስፒታል ይዘዋታል። ይህ ግን ስህተት አይደለም። ስልሳ ሺውን እርስዎ አልወሰዱም። ይድነቃቸው ለእህቱ ልኮታል። ወረቀቱ ይኸው።»

መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አነበቡ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«መቼ አገኘሽው?»

«ከሞተ በዘጠነኛው ወር።»

በጣታቸው ቆጠሩ። 

«ውዴ የሞተችው ባለፈው ዓመት በኅዳር ነው» አሉ። ውዴ ባለቤታቸው ናት። ቀብሯ ላይ አልሄድኩም። «ያኔ ይህ ወረቀት አንቺ ቤት ነበር ማለት ነው።»

«አዎ።»

«ውዴ ሠላሳ አንድ ዓመት አብራኝ ኖራለች። ከመሞቷ በፊት በነበረው ቅዳሜ ሰው ሁሉ ከክፍሉ እስኪወጣ ጠብቃ እጄን ያዘችኝ። ስለ ልጆቹ አደራ ልትለኝ መስሎኝ ጎንበስ አልኩ። ‹አየለ፣ አሁን ለኔ ብቻ ንገረኝ፣ ወስደኸዋል?› አለችኝ።»

መነጽራቸውን አወለቁ።

«አልወሰድኩም አልኳት» አሉ። «ራሷን ነቀነቀች። አምናኝ ይሁን ደክሟት፣ አላወቅሁም።»

እኔ ይቅርታ ልል ነበር የሄድኩት። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ግን የሚሆን አልመሰለኝም። ቆምኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ስልኬ ጮኸ፣ ተውኩት። ደግሞ ጮኸ።

«አንሺው፣ የልጅቷ ጉዳይ ይሆናል» አሉ።

አነሣሁት፤ ጋሼ ዓለምሰገድ ነበሩ። ከፍለዋል፣ አንድ ሺህ አስቀንሰዋል፣ ራሔል ሕፃኗን ይዛ ከበሩ ወጥታለች፣ ታክሲ ውስጥ ናቸው። ከኋላ የራሔል ድምፅ ይሰማል፣ ትስቃለች።

«ወጣች?» አሉ ጋሼ አየለ ስዘጋው።

«ወጣች።»

«ተመስገን» አሉ። ወረቀቱን በአራት አጥፈው ወደ እኔ ገፉት፣ ከዚያ ሐሳባቸውን ለውጠው መልሰው ወሰዱትና ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። «ይህ እኔ ጋ ይቀመጥ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ትናገሪዋለሽ። ያን ዕለት በቆምሽበት ቦታ፣ በዚያው ድምፅ።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

«ሁለቱ መቶ ሰዎች እንዲመጡ እነዚህ ሽማግሌዎች ይደውሉላቸዋል። ከሰዓት ደግሞ ውዴ መቃብር ድረስ አብረሽኝ ትሄጂያለሽ። እዚያም ትናገሪዋለሽ።»

«ለውዴ?»

«ለሷ» አሉና ወደሚጠቀልሉት ፍሬን ሸራ ተመለሱ። «እኔ ነግሬያታለሁ። ካንቺ ትስማው።»